ዶላር እጥፍ ሆኖ የእናታችን ወጪ ለምን አልሞላም?

ሰብለ (አራት ኪሎ)፦ እህቴ ከአሜሪካ ለእማዬ በየወሩ 300 ዶላር ትልካለች። «አሁን እኮ ብሩ እጥፍ ሆኖላችኋል» ትለኛለች። እኔ ግን ወሩ ሳያልቅ ነው የሚያልቅብኝ። ልንቀያየም ነው፣ የሚያስረዳኝ አለ?

ዳዊት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እህትሽ ልክ ናት። ብር ሲወርድ ዶላር የሚቀበልና ዕቃ ወደ ውጭ የሚልክ ያተርፋል፣ አስመጪ ይጎዳል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ጋሽ ታደሰ (ቸርችል ጎዳና)፦ ሰብለዬ፣ ከሐምሌ 2016 በፊት ብሩ በባንክ ነበር የሚደርሳችሁ ወይስ በእጅ?

ሰብለ፦ በእጅ ነበር ጋሼ። አሁን ነው ወደ ባንክ የዞርነው።

ጋሽ ታደሰ፦ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ባንክ ዶላሩን የሚገዛው በ57 ብር ገደማ ነበር፣ ጥቁር ገበያው ግን 115 አካባቢ ደርሶ ነበር። በባንክ ትቀበል የነበረች እናት 300 ዶላሯ 17,100 ብር ነበር፤ ባንክ 120 ሲገባ 36,000 ሆነላት። እናንተ ግን በእጅ ድሮም 34,500 ታገኙ ነበር። ያኔ የተጨመረላችሁ 1,500 ብር ብቻ ነበር፣ እጥፍ አይደለም።

ዋጋው ደግሞ አልቆመም። እኔ የመኪና መለዋወጫ አስመጣለሁ። ባንክ ዶላር ስለማይገኝ ብዙ አስመጪ ዕቃውን የሚተምነው ቀድሞም በጥቁር ገበያው ነበር። ያመመን ቀረጡ ነው። ጉምሩክ የዕቃውን ዋጋ ወደ ብር የሚለውጠው በባንክ ምንዛሪ ነዋ! የ10,000 ዶላር ዕቃ በ57 ሲሰላ 570,000 ብር ነው፣ 20 በመቶ ቀረጥ ቢኖርበት 114,000 ይከፈላል። በ120 ሲሰላ ቀረጡ ብቻ 240,000። ዕቃው ያው ነው። ቫቱም የሚሰላው ቀረጡ ተደምሮበት ነው። ያ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ገዢው ላይ ያርፋል።

ሔኖክ (ፒያሳ)፦ የኔስ? 2015 ላይ 10,000 ዶላር በ54 መንዝሬ 540,000 ብር ባንክ አስቀመጥኩ። ባንክ 120 በገባ ጊዜ መልሼ ልግዛው ብል 4,500 ዶላር ነበር የሚሆነኝ። ይሄን የሚመልስልኝ አለ?

ጋሽ ታደሰ፦ የሚመልስልህ የለም ልጄ። ወለዱም አይሞላውም።

ማርታ (ቡና ላኪ ቤት የሠራሁ)፦ ዳዊት፣ ላኪም ያተርፋል ያልከው እንዲህ ቀላል አይደለም። ድሮ ስንቱ ላኪ ቡናውን እዚህ ከገዛበት አሳንሶ ውጭ ይሸጥ ነበር። ዶላሩን ነበር የሚፈልገው፣ ኪሳራውን በሚያስመጣው ዕቃ ያካክሰዋል። ባንክና ጥቁር ገበያ ሲቀራረቡ ያ መንገድ ጠበበ። ከቡናው ራሱ ለማትረፍ ደግሞ አቅራቢው ዝም አይልም፣ ምንዛሪ ሲጨምር እሱም ዋጋውን ይሰቅላል፤ ቀድሞ ገዝቶ ያከማቸው ነው የተጠቀመው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ጥቁር ገበያውን አልቆጠርኩም ነበር። ግን ሰብለ፣ ዛሬም በእጅ የሚሰጠው ከባንክ ይበልጣል ይላሉ። ለምን አትመለሱም?

ሰብለ፦ አንድ ጊዜ መሐል ላይ ያለው ሰውዬ ስልኩን ዘግቶ ሦስት ሳምንት ተጨንቀናል። የእማዬ መድኃኒት አይጠብቅም። የጋሽ ታደሰን ሒሳብ ለእህቴ እልክላታለሁ፣ 350 ታድርገው ወይስ አታድርገው እሷ ትወስን።