የጅቡቲው ኦዲተር በራሱ መለኪያ ሠርቶ ላከልን፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ጓደኞቼ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ግሩፕ ኦዲት እየመራሁ ነው። ጅቡቲ ላለው ተቀጥላ ኩባንያ ኦዲተር በላክነው መመሪያ፣ የሥራ ማቴሪያሊቲውን 12 ሚሊዮን ብር ብለን ወስነናል። ማጠቃለያው «ችግር አላገኘንም» ይላል። ፋይሉን በስክሪን ሲያሳየን ግን የዕቃ ክምችቱን ናሙና የመረጠው ለአገሩ ሕጋዊ ኦዲት ባወጣው፣ ከ30 ሚሊዮን ብር በሚስተካከል መለኪያ ነው። ናሙናው ለእኛ ያንሳል። በአይኤስኤ 600 መሠረት ኃላፊነቱ የእኛ ስለሆነ፣ ማጠቃለያውን ብቻ ይዤ መፈረም አልችልም።

የዋጋ ናሙናውን እንዲያሰፋ እጠይቀዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ቆጠራው ነው፤ የዓመቱ መዝጊያ አልፏል። አሁን ተቆጥሮ፣ በመሃል የገባና የወጣው ዕቃ ተሰልቶ ወደ መዝጊያው ቀን ቢመለስ ይበቃል? ወይስ የእኛ ሰው ሄዶ አብሮ ይቁጠር? ያጋጠማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደፈታችሁት ንገሩኝ።