«የአፈር አሲዳማነት» የት ይግባ?

ሀዋሳ ላይ ለግብርና ባለሙያዎች የሚሆን የቃላት መፍቻ በኤክሴል እያዘጋጀን ነው። በፊደል ተራ ሲደረደር «ሥር» ከ«ረ» በፊት፣ «ስር» ደግሞ ከ«ረ» በኋላ ገባ፤ አንዱ ቃል ሁለት ቦታ። ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ የመደርደሪያ ዓምድ ጨመርኩ። «ሠ»ን ብቻ መተካት አይበቃም፤ «ሥ» ለኤክሴል ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ ሰባቱም ቅርጾች በየተራ መተካት አለባቸው። ይህ ተስተካክሏል።

የቸገረኝ «የ» ነው። «የአፈር አሲዳማነት»፣ «የአፈር መሸርሸር»፣ «የዘር መጠን» ሁሉም እዚያው ተከምረዋል፤ «አፈር» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኛቸውም። ከመደርደሪያ ዓምዱ የፊተኛውን «የ» በቀመር ስቆርጥ ደግሞ «የብስ» «ብስ» ሆኖ «በ» ውስጥ ገባ፤ እንዲህ ያሉትን በእጅ መለየት ግድ ነው። መግቢያው «የአፈር አሲዳማነት» እንደተባለ በ«አ» ይደርደር፣ ወይስ «አፈር፣ የ~ አሲዳማነት» ተብሎ ይገልበጥ፤ ለሁሉም መግቢያ ወጥ ሆኖ የሚዘልቀው የትኛው ነው?