ለግማሽ መከላከያ የእድር ብር ይውጣ?

አስቴር (ብሎክ 14)፦ ሰላም የየካ አባዶ ጎረቤቶች። ለአዛውንቶቻችን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በእድሩ ብር ይገዛ ተብሏል። በጥሩ ዓመት እንኳ የሚከላከለው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው ይላሉ። ብሩ ይውጣ ወይስ ይቅር?

ጋሽ ታደሰ፦ ይቅር። 40 በመቶ ማለት መቶ ሰው አስከትበን 60ው ይታመማል ማለት ነው። ደግሞ ቫይረሱ በየዓመቱ ይለዋወጣል። እነሱ የሚሸጡልን የአምናውን ነው።

ሰዓዳ (ፋርማሲ)፦ ጋሼ፣ የመጨረሻው ላይ እውነት አለዎት። ስሌቱ ግን ተገልብጦብዎታል። ለምሳሌ ያህል፣ ካልተከተቡ 100 አዛውንቶች 10ሩ ኢንፍሉዌንዛ ይይዛቸዋል እንበል። 40 በመቶው የሚቀነሰው ከነዚያ 10 ላይ ነው። 6 ይቀራሉ። ሌሎቹ 90ዎቹማ ድሮም አይያዙም ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ እሺ። ታዲያ 4 ሰው ለማዳን 100 መርፌ ልንገዛ ነው?

ሰዓዳ፦ አዎ፣ ሒሳቡ እሱ ነው። ለዚህ ነው ለሁሉም ሰው እንግዛ ያላልኩት። ስኳር፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት አዛውንት ሲይዘው ወደ ሳንባ ምች ሊዞርበት ይችላል። ክትባት ወስዶ የታመመም ቢሆን ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድሉ ያንሳል። የያዘውንና ያልያዘውን ብቻ ከቆጠርን ይቺ አትታየንም።

እትዬ አበበች፦ እኔ ልጄ ጋ ውጭ አገር ሄጄ ተከተብኩ። በሳምንቱ አፍንጫዬ እንደ ቧንቧ ፈሰሰ! ክትባቱ ነው ያመመኝ።

ሰዓዳ፦ እትዬ፣ እኛ ሁሉንም «ጉንፋን» ስለምንል ነው። አፍንጫ የሚያስፈስሱ ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ ይህ ክትባት አይነካቸውም። ኢንፍሉዌንዛ ድንገት በትኩሳትና በቁርጥማት አልጋ ላይ የሚጥለው ነው። በመርፌው ውስጥ ያለው ደግሞ የሞተ ቫይረስ ስብርባሪ ስለሆነ በሽታ አያስይዝም። ሰውነት መከላከያውን እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፤ እርስዎን በሳምንቱ ነው ያገኘዎት።

ዮናስ (ጫጩት ማስፈልፈያ)፦ በእንቁላል ነው የሚሠራው ሲባል ሰምቻለሁ። የሱቅ እንቁላል ይሆናል?

ሰዓዳ፦ አይሆንም። ሽል ያለበት መሆን አለበት፤ ብዙ ጊዜ 11 ቀን ገደማ የታቀፈ። አንተ በባትሪ ስታየው ደም ሥሩ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ማለት ነው። ቫይረሱን ሽሉ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ በመርፌ ይሰጡታል። ሁለት ሦስት ቀን ይራባል። ፈሳሹን ይቀዱና ቫይረሱን በኬሚካል ገድለው፣ ሰባብረው ያጣሩታል። አንድ እንቁላል በግምት ለአንድ ሰው የሚበቃ የአንድ ዓይነት ቫይረስ ነው የሚሰጠው። መርፌው ሦስት ዓይነት ይዟል፤ እንግዲህ ቁጠረው።

ዮናስ፦ እኛ በ18ኛው ቀን ወደ መፈልፈያው ስናዛውር የምንደክመው ድካም! በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል እንዴት ነው የሚያገኙት?

ሰዓዳ፦ ከወራት በፊት ያዛሉ። የጋሼ «የአምናው» የሚመጣውም ከዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቫይረሶቹን የሚመርጠው በየካቲት ወር አካባቢ ነው። ክትባቱ ተሠርቶ ለመውጣት ስድስት ወር ገደማ ይወስዳል። በ2014 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የሆነው ይኸው ነው። ኤች3ኤን2 ለሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት የተመረጠው በ2012 የተገኘው የቴክሳስ ቫይረስ ነበር። ምርጫው ካለቀ በኋላ ግን የተለወጠው ዓይነት ተስፋፋ። በመስከረም ለደቡቡ ሲመርጡ ለወጡት፤ የሰሜኑ እንቁላል ግን ሥራ ላይ ውሎ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በዚያ ክረምት መከላከያው 19 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ።

ጋሽ ታደሰ፦ አላልኩም?

ሰዓዳ፦ ብለዋል። በእኛው ምሳሌ 10ሩ ወደ 8 ወረዱ ማለት ነው። ደካማ ነው፣ አልክድም። ሌላም ችግር አለ፦ ቫይረሱ እንቁላል ውስጥ ለመራባት ሲል ራሱ ትንሽ ይለወጣል፤ በተለይ ኤች3ኤን2። ሰውነታችን ያኔ የሚለማመደው ሰፈር ውስጥ ከሚዞረው ጋር በትንሹ የማይመሳሰል መልክ ነው። ያለ እንቁላል፣ በሴል ላይ የሚያመርቱም አሉ። እዚህ በቀላሉ ይገኛል ብዬ ግን ቃል አልገባም።

እትዬ አበበች፦ በእንቁላል ከሆነ ረቡዕ አይሁንብኝ፣ ሐሙስ አድርጉልኝ።

አስቴር፦ እትዬ፣ በክንድ ነው የሚገባው 😄 ለማንኛውም ሐሙስ ይሁንልዎ። ሰዓዳ፣ የሰሜኑን ነው የደቡቡን የምንገዛው?

ሰዓዳ፦ እሱ ነው ከባዱ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ እንደ አውሮፓ አንድ የታወቀ ወቅት የለንም። ባለሙያዎችም ይከራከሩበታል። እኔ ቅርብ ጊዜ የተመረተውን እወስድ ነበር። ሳጥኑ ላይ የወቅቱ ዓመት ይጻፋል። በቅናሽ ከቀረበላችሁ መጀመሪያ እሱንና የሚያበቃበትን ቀን እዩ።

ጋሽ ታደሰ፦ ዋጋውን ሳላይ እጄን አላወጣም። ስማቸው የተጻፈ የታማሚዎች ዝርዝር ከመጣ ግን እሰማለሁ።

ዮናስ፦ የጫጩት ክትባት የማመላልስበት ሳጥን አለኝ፣ በበረዶ እሞላላችኋለሁ።

ሰዓዳ፦ ዮኒ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ክትባቱ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካው። ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ይጣላል፤ ተመልሶ ቢቀልጥም አይሠራም። ቴርሞሜትር አለህ?

ዮናስ፦ አለኝ፣ ግን ለመታቀፊያው ነው። ዝቅተኛው 20 ነው።