ከሪፖርቱ ቀን በኋላ የከሰረ ደንበኛ፦ ቁጥሩ ይስተካከል ወይስ በማብራሪያ ይገለጽ?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ የሂሳብ መግለጫችን ለቦርድ ከመቅረቡ በፊት በአንድ ጉዳይ ተቸግሬአለሁ። ከተሰብሳቢ ሂሳባችን 30 በመቶው ያለበት ደንበኛ፣ የሂሳብ ዓመታችን ከተዘጋ ከ5 ሳምንታት በኋላ መጋዘኑ በእሳት ወድሞበት መክሰሩን አስታውቋል። በአይኤኤስ 10 መሠረት፣ በሪፖርቱ ቀን የነበረን ሁኔታ የሚያረጋግጥ ክስተት ቁጥሩን እንደሚያስተካክል፣ ከዚያ ወዲህ የተፈጠረና ጉልህ የሆነ ሁኔታ ግን በማብራሪያ ብቻ እንደሚገለጽ አውቃለሁ። ቃጠሎው ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጠራጠርም ነበር፤ ሆኖም ደንበኛው ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ክፍያውን ለ4 ወራት አዘግይቶ፣ የጊዜ ማራዘሚያም በደብዳቤ ጠይቆን ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ለነበረው የመክፈል ችግር ተገቢውን መጠባበቂያ ጨምሬ፣ በቃጠሎው ምክንያት የመጣውን ቀሪ ጉዳት ብቻ በማብራሪያ ልግለጽ? ሁለቱን ለመለየትስ ለኦዲተር አሳማኝ የሚሆነው ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?