ነዳጅ በድንገት ሲወደድ የትኛው ኩርባ ነው የሚንቀሳቀሰው?

ጠያቂ፦ ለፈተና እያነበብኩ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሰው መግዛት ስለሚቀንስ ጠቅላላ ፍላጎትም ጠቅላላ አቅርቦትም ወደ ግራ መሄድ የለባቸውም? የመልስ ወረቀቱ ግን አቅርቦቱን ብቻ አንቀሳቅሶ፣ በረጅም ጊዜ ምርት ወደ ቦታው ይመለሳል ይላል። ምርቱን ምን መለሰው?

አዳም፦ ነዳጅ ሲወደድ ፈላጊው ይቀንሳል፣ ሻጩም ብዙ ማቅረብ ይፈልጋል። ምኑ ያስቸግራል?

ሰብለ፦ አዳም፣ ያ የነዳጅ ገበያ ብቻውን ነው። እሱ የጠየቀው የአገር ኢኮኖሚን ነው።
ጠያቂ፣ በቁጥር እንየው (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው)። መነሻህ ነጥብ ሀ ይሁን፤ የዋጋ ደረጃ 100፣ ምርት 1000። የረጅም ጊዜውን አቅርቦት 1000 ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው። የማምረቻ ወጪ ስለጨመረ የአጭር ጊዜ አቅርቦቱ ወደ ግራ ይሄድና የፍላጎቱን ኩርባ ነጥብ ለ ላይ ያገኘዋል፤ ዋጋ 106፣ ምርት 960። ሰው መግዛት መቀነሱ እዚሁ ውስጥ አለ፤ ከሀ ወደ ለ የሄድከው በዚያው የፍላጎት ኩርባ ላይ ሽቅብ ነው። ኩርባውንም ብትገፋው ያንኑ ቅነሳ ሁለቴ ቆጠርከው ማለት ነው።
ለ ላይ ሥራ አጥ በዝቷል። ሥራ ፈላጊ ሲበዛ ደመወዝ ይላላል፣ ወጪ ይቀንሳል፣ አቅርቦቱም ቀስ እያለ ወደ ሀ ይመለሳል። ቀስቶቹን በሁለት የተለያየ ቀለም ሥራቸው፤ አራሚው የሚፈልገው የትኛው ቀድሞ እንደሄደ ነው።

ደረጀ፦ ዋጋ ወደ 100 ተመልሶ አያውቅም! በ1973 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ አንድ በርሜል ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት 12 ዶላር አካባቢ ሲደርስ፣ አሜሪካ ውስጥ የሸቀጥ ዋጋ ወጥቶ ቀረ። ስለዚህ በረጅም ጊዜ ዋጋ ከፍ እንዳለ ነው የሚቀረው።

ሰብለ፦ ወጥቶ መቅረቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሥራ አጥነቱ ያሳሰበው ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ቀንሶ ፍላጎቱን ወደ ቀኝ ከገፋው፣ ምርት 1000 ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ ዋጋው ግን 112 ላይ ያርፋል። ይህን ነጥብ ሐ በለው። ባንኩ እጁን ካልሰደደ ወደ ሀ ትመለሳለህ፤ ደመወዝ ግን መውረድ ስለማይወድ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ጥያቄው የባንኩን እርምጃ ካላነሳ ሀን ሣል።

ሕሊና፦ እኔ ግን ጠያቂን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልለውም። አገሩ ነዳጁን ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ገንዘቡ ወደ ሻጩ አገር ይፈሳል፤ ቤተሰቡ ለሌላ ዕቃ የሚያወጣው ያንሰዋል። ያኔ ፍላጎቱም በተወሰነ ደረጃ ወደ ግራ ይሄዳል።

ሰብለ፦ ልክ ነሽ። ያኔ ምርት ከ960ም በታች ይወርዳል፣ ዋጋው ደግሞ 106 አይሞላም። ለፈተና ግን ምክንያቱን አብሮ ካልጻፈ ነጥብ ያጣል።

ጠያቂ፦ ነዳጁ ተወዶ ቢቀርስ? ቀጥ ያለው መስመር ራሱ አይሄድም?

ሕሊና፦ ነዳጅ የሚበሉ ማሽኖች መሥራታቸው አዋጪ ካልሆነ የማምረት አቅሙ ራሱ ይቀንሳል፤ እኔ ወደ ግራ እወስደዋለሁ።

ሰብለ፦ እኔ ብዙ አልወስደውም። ጊዜ ካገኙ ነዳጅ ቆጣቢ ማሽን ይተካሉ።