የኤልኤምኤስ ፊልተሬ ወዲያው nan ይሆናል፤ ድረሱልኝ!

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ነገ ጠዋት ደብረ ሲና ቀረጻ አለን፤ የጄኔሬተሩ ጩኸት ንግግሩን እየዋጠው ነው። ከስህተቱ እየተማረ ክብደቶቹን በሚያስተካክለው የኤልኤምኤስ ፊልተር ጩኸቱን ከንግግሩ ልቀንሰው ነው። አንዱ ማይክ ተናጋሪው ጋ፣ ሌላው ጄኔሬተሩ ጋ ነው። 32 ታፕ፣ የእርምጃው መጠን mu = 0.01። ገና ሲጀምር nan። 0.001 አደረግኩት፣ ያው ነው።

የመንዙ፦ mu ቀንስ። 0.0001 አድርገው፣ ለእኔ ሠርቷል።

ሞላ፦ ጄኔሬተር 50 ኸርዝ አይደል? ኖች ፊልተር አስገባና ተኛ።

ጠያቂ፦ 50 ብቻ ቢሆንማ! ሞተሩም ጭስ ማውጫውም ይጮኻል፤ ጭነት ሲጨመር ፍጥነቱ ይለዋወጣል።

ሞላ፦ እንግዲያው አጥፉትና በጧፍ ቅረጹ 😄

እታለም፦ ወንድሜ፣ ቁጥር ከመገመትህ በፊት ቀመሩን እየው። ስህተቱ e = d − wᵀx ነው፤ d የተናጋሪው ማይክ፣ x ከጄኔሬተሩ ማይክ የመጡት የመጨረሻ 32 ናሙናዎች፣ w የፊልተሩ 32 ክብደቶች። ማሳነስ የምንፈልገው የe²ን አማካይ ነው፤ እሱን ስለማናውቀው የአሁኑን e² ብቻ ይዘን በw ዴሪቬቲቩን እንወስዳለን። −2ex ይወጣል። ወደ ተቃራኒው እንሄዳለን፣ ቁጥር 2ም mu ውስጥ ይገባል፦

```
w = w + mu * e * x
```

x እዚህ ሁለቴ አለ፣ አንዴ ራሱ፣ አንዴ e ውስጥ። ስለዚህ የእርምጃው ወሰን በx² ይወሰናል፦ mu < 2/(32·P)፣ P የx² አማካይ። የምትሰጠው የኤዲሲውን ጥሬ ቁጥር ነው?

ጠያቂ፦ አዎ፣ 12 ቢት። ጸጥ ሲል 2048 አካባቢ ይቆማል።

እታለም፦ በለው! 2048² ብቻውን 4.2 ሚሊዮን ነው፤ በ32 ሲባዛ 134 ሚሊዮን። ወሰንህ 1.5e-8 ገደማ ነው፤ የመንዙ 0.0001 እንኳ ከ6,000 እጥፍ በላይ ያልፈዋል። mu ብቻ ብትቀንስም አይበጅም፤ ወሰኑን የሚያጠብበው ያ ቋሚ 2048 ስለሆነ ጩኸቱን ለመማር ዘመን ይፈጃል። ከሁለቱም ማይክ 2048 ቀንስ፣ በ2048 አካፍል። የጄኔሬተሩ አርኤምኤስ 0.15 ቢወጣ P 0.0225፣ ወሰኑ 2.8 ይሆናል። የወሰኑን አንድ አሥረኛ አትለፍ፤ 0.05 ላይ ጀምር።

የመንዙ፦ ምልክቱ ቢሆንስ? y = wᵀx ሆኖ e = y − d ብሎ ጽፎ ከደመረ ይፈነዳል።

እታለም፦ ይህስ ልክ ነህ። መለያው ቀላል ነው፦ mu የቱንም ያህል ብታሳንስ ዘግይቶም ቢሆን የሚፈነዳ ከሆነ ምልክቱ ተገልብጧል።

ደጀን፦ ቆይ፣ ይህን ዘዴ በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጡት የዊድሮውና የሆፍ ቀመር 2mu ያለበት አይደለም እንዴ?

እታለም፦ ቁጥር 2ን ቀመሩ ውስጥ ከያዝከው ወሰኑም በግማሽ ይወርዳል፤ ሁለቱን አጻጻፍ አትቀላቅሉ።

ደጀን፦ ለማንኛውም ጭነቱ ሲቀያየር P አብሮ ይቀያየራል። በጉልበቱ የሚያካፍለውን ተጠቀም፣ mu 0.5፦

```
w += mu * e * x / (0.001 + x @ x)
```

እታለም፦ ወሰኑን ያቀላል፤ ግን 0.5 ለንግግር ይበዛል። e ውስጥ ያለው ንግግር ራሱ ክብደቶቹን ያናውጣቸዋል። እኔ 0.05 እላለሁ።

ደጀን፦ በ0.05 ሞተሩ ፍጥነት በቀየረ ቁጥር ጩኸቱ ተመልሶ ይሰማል።

እታለም፦ ይሰማ፤ የተናጋሪው ድምፅ ከሚንቀጠቀጥ ይሻላል። የጄኔሬተሩ ማይክ ንግግር እንዳይሰማ አርቁት፤ ከሰማ ፊልተሩ ንግግሩንም ያጠፋዋል።

ብርቄ፦ እኔ ጋ ማይኩ ስፒከር ሲጠጋ ያፏጫል፣ ይህ ኮድ ይሠራል?

ደጀን፦ ያ ሌላ ነው፤ ለብቻው ጠይቂ።