ከዘጠኝ ታካሚዎች ብቻ የሚዲያን ስታንዳርድ ኤረር በቡትስትራፕ ማውጣት

ጥያቄ፦ ተመራቂ ተማሪ (የጤና አጠባበቅ)

በአንድ ጤና ጣቢያ ታካሚዎች ካርድ ካወጡ በኋላ ሐኪም ዘንድ እስኪገቡ የሚጠብቁትን ጊዜ እያጠናሁ ነው። ለሙከራ የመዘገብኳቸው ዘጠኝ ታካሚዎች 4፣ 7፣ 9፣ 12፣ 15፣ 21፣ 26፣ 38 እና 60 ደቂቃ ጠብቀዋል፤ ሚዲያኑ 15 ነው። አማካሪዬ ከሚዲያኑ ጎን ስታንዳርድ ኤረሩን በቡትስትራፕ አውጥቼ እንዳስቀምጥ ስለነገሩኝ ይህን አሠራሁ፦

```r
x <- c(4, 7, 9, 12, 15, 21, 26, 38, 60)
m <- replicate(5000, median(sample(x, replace = TRUE)))
sd(m)
mean(m)
```

`sd(m)` 6.7 ገደማ ሰጠኝ። ነገር ግን ከእነዚሁ ዘጠኝ ቁጥሮች ደጋግሞ በማውጣት አዲስ እውቀት ከየት እንደሚመጣ አልገባኝም። 5000ን ወደ 100000 ባሳድገው ኤረሩ ይቀንሳል? `replace = FALSE` ሳደርገው ደግሞ 0 የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

እህቴ፣ ቡትስትራፕ ስላልለኳቸው ታካሚዎች አዲስ ነገር አይነግርዎትም። የሚነግርዎት፣ ሌላ ዘጠኝ ታካሚ ቢይዙ ኖሮ ሚዲያኑ ከ15 ምን ያህል ሊርቅ ይችል እንደነበር ነው። ይህን በቀጥታ ለማወቅ ወደ ጤና ጣቢያው ብዙ ጊዜ ተመልሶ በየጊዜው አዲስ ዘጠኝ ታካሚ መመዝገብና የተገኙትን ሚዲያኖች መበታተን መለካት ያስፈልግ ነበር። ያ ስለማይቻል፣ የሁሉንም ታካሚዎች ስርጭት በእጅዎ ባለው ናሙና እንተካዋለን፤ ማለትም እያንዳንዱ ከዘጠኙ ቁጥሮች አንድ ዘጠነኛ ድርሻ እንዳለው ቆጥረን፣ ከዚያ ስርጭት ዘጠኝ ዘጠኝ እያወጣን ሚዲያኑን እንመዘግባለን። የሚወጣው ቁጥር ሁልጊዜ ዘጠኝ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የምንፈልገው የዘጠኝ ታካሚ ሚዲያን ኤረር ነው።

ያወጡትን ሳይመልሱ ዘጠኙን ሁሉ ካወጡ የሚያገኙት ያንኑ ናሙና በሌላ ቅደም ተከተል ነው። ሚዲያኑ ዘወትር 15 ስለሚሆን መበታተኑ 0 ይሆናል። እየመለሱ ሲያወጡ ግን አንዱ ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ሊደገም፣ ሌላው ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ለምሳሌ 7፣ 9፣ 9፣ 12፣ 12፣ 21፣ 26፣ 60፣ 60 ቢወጣ ሚዲያኑ 12 ነው፤ 4፣ 12፣ 15፣ 15፣ 21፣ 21፣ 26፣ 38፣ 38 ቢወጣ ደግሞ 21 ይሆናል።

በእርስዎ ናሙና ላይ ውጤቱን ያለ ኮምፒውተር ድግግሞሽ፣ በሁለትዮሽ ስርጭት ስሌት ማግኘት ይቻላል፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። የቡትስትራፕ ሚዲያኑ 15 የመሆን ዕድሉ 27 በመቶ ያህል ነው። 12 እና 21 እያንዳንዳቸው 22 በመቶ፣ 9 እና 26 እያንዳንዳቸው 11 በመቶ ገደማ አላቸው። 7 እና 38 እያንዳንዳቸው ከ3 በመቶ በታች ሲሆኑ፣ 4 እና 60 ደግሞ ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም። የዚህ ስርጭት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 6.72 ነው። እንግዲህ 5000ው ድግግሞሽ ወደዚህ ቋሚ ቁጥር መቅረቢያ ነው፤ 200 ድግግሞሽ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በ10 በመቶ ገደማ ልዩነት ያደርስዎታል። 100000 ቢያደርጉት ከ6.72 ጋር ይበልጥ ይገጥማል እንጂ አይቀንስም። የሚቀንሰው ብዙ ታካሚ ሲመዘግቡ ብቻ ነው።

መልስ፦ ዳታ ተንታኝ

መምህሩ ካሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለአማካይ ቢሆን ኖሮ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ማካፈል ይበቃ ነበር፤ ለሚዲያን ግን እንዲህ ያለ ቀላል ቀመር ስለሌለ ቡትስትራፕ ትክክለኛ ምርጫ ነው። በተጨማሪም `mean(m)` 16.7 ያህል እንደሚሰጥዎት ይመልከቱ። ይህ የብዙ ሺህ ሚዲያኖች አማካይ ስለሆነ ከአንዱ 15 ይልቅ የሚታመን ነው፤ ስለዚህ በጽሑፍዎ 16.7ን ቢያስቀምጡ ይሻላል ባይ ነኝ።

መልስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

የመጀመሪያው ሐሳብዎ ልክ ነው፤ እንዲያውም አማካዩ ጥሩ መፈተኛ ይሆናል። በቀመሩ የአማካዩ ስታንዳርድ ኤረር 5.99 ሲሆን፣ በቡትስትራፕ ግን 5.64 ይወጣል። ልዩነቱ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ሲያሰላ ቀመሩ የሚያካፍለው ለ8 ሲሆን ቡትስትራፕ ግን ናሙናውን እንደ ሙሉ ስብስብ ስለሚቆጥር ለ9 ያካፍላል። ናሙናው በመቶዎች ሲቆጠር ይህ ልዩነት ይጠፋል፤ በዘጠኝ ላይ ግን ቡትስትራፕ ኤረሩን በ6 በመቶ ገደማ አሳንሶ ያሳያል።

ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ናሙናው ወደ ረጅሙ ጥበቃ የተዘረጋ በመሆኑ፣ የቡትስትራፕ ሚዲያኖቹ አማካይ ከ15 በ1.7 ደቂቃ ወደ ላይ ተገፍቷል። በዘዴው አመለካከት 15 ለቡትስትራፕ ዓለም እውነተኛው መልስ ነው፤ ስለዚህ 1.7ቱ የሚያመለክተው የናሙና ሚዲያን ወደ ላይ ማዘንበሉን ነው። ማረም ካስፈለገ 1.7ቱ ከ15 ይቀነስና 13.3 ይሆናል። 16.7ን ማስቀመጥ ግን ዝንባሌውን ሁለት ጊዜ መደመር ነው። በዚህ ትንሽ ናሙና እርማቱ ራሱ የሚዋዥቅ ስለሆነ፣ እኔ ብሆን 15ን እንዳለ ትቼ 6.7ን ከጎኑ አስቀምጥ ነበር።

መልስ፦ የቤተሰብ ጥናት ሠራተኛ

ጥያቄው ስለ ሚዲያን መሆኑን አይቻለሁ፤ ነገር ግን የእኔ ገጠመኝ ሊጠቅም ይችላል። በ20 ቀበሌዎች ከእያንዳንዳቸው 20 ቤተሰብ ጠይቀን ነበር። 400ውን ቤተሰብ በአንድ ላይ ቀላቅዬ በቡትስትራፕ ሳወጣ ኤረሩ በጣም ትንሽ ሆነ፤ ቀበሌዎቹን ከነቤተሰቦቻቸው እያወጣሁ ስደግመው ግን ከፍ አለ። የአንድ ቀበሌ ቤተሰቦች ይመሳሰላሉና 400 የተለያየ መረጃ አልነበረንም። እርስዎስ ዘጠኙን ታካሚዎች በአንድ ቀን ነው የመዘገቡት?

ጠያቂዋ

በሦስት ጠዋቶች፣ በየቀኑ ተከታታይ ሦስት ታካሚዎችን ነው የመዘገብኩት። 26፣ 38 እና 60 ደቂቃ የጠበቁት ሦስቱም በአንድ ሰኞ ጠዋት የመጡ ናቸው።

መልስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

ይህ ነገሩን ይለውጠዋል። በአንድ ወረፋ የተከታተሉ ሰዎች አንዱ ሲዘገይ ሌላውም ይዘገያል፤ ኮዱ ግን ዘጠኙን እንደማይተዋወቁ ሰዎች ነው የሚቆጥራቸው። ስለዚህ 6.7 ከእውነተኛው ኤረር የሚያንስ ይመስለኛል። ቀኖቹን ከነታካሚዎቻቸው ማውጣት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከሦስት ቀን እየመለሱ ሦስት ሲወጣ የሚገኙት የተለያዩ ጥምረቶች አሥር ብቻ ስለሆኑ፣ ከዚያ የሚወጣው ኤረር ራሱ ብዙ የሚታመን አይሆንም።

መልስ፦ ዳታ ተንታኝ

እኔ ግን 6.7ን «ታካሚዎቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ናቸው ተብሎ ቢወሰድ» ከሚል ማስታወሻ ጋር ማስቀመጡን እመርጣለሁ፤ የሙከራ ናሙና ነውና።

መልስ፦ የስታቲስቲክስ መምህር

ማስታወሻው ቢኖርም አንባቢ የሚይዘው ቁጥሩን ነው፤ በዚህ ላይ አልስማማም። ዋናውን ጥናት ሲጀምሩ ግን በአንድ ጠዋት የሚመዘግቧቸውን ታካሚዎች ከማብዛት ይልቅ ቀኖቹን ያብዙ፣ የምዝገባውን ቀንም በተለየ ዓምድ ይያዙ፤ ቡትስትራፑ በቀን ሊወጣ የሚችለው ያ ዓምድ ካለ ብቻ ነው።